«ነፍሳቸውን ይማር» በእንግሊዝኛ፦ ለሟች የሥራ ባልደረባ ቤተሰብ የሚላክ የሐዘን መግለጫ አተረጓጐም

ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወናጎ፣ አንድ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ሲያርፍ ድንኳን ይተከላል፤ እድርተኛው ይሰበሰባል፤ ባልደረቦቹም ጥቂት መስመር ያለው የሐዘን መግለጫ ይጽፋሉ። ይህ ጽሑፍ ድሮ በለቅሶው ቤት ይነበብና በዚያው ይቀር ነበር። አሁን ግን የሟቹ ልጆች በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የተወለዱ ወይም በልጅነታቸው የሄዱ፣ አማርኛ በጆሮ የሚሰሙ ነገር ግን ማንበብ የማይችሉ ሲሆኑ እናያለን። የትዳር ጓደኞቻቸው ደግሞ ጭራሽ አይሰሙትም። በዚህ ጊዜ መልእክቱ ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጐም ይፈለጋል፤ ሥራውም ብዙ ጊዜ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት፣ ለእንግሊዝኛ መምህር ወይም ለዲያቆን ይሰጣል። እኛም ከዚሁ ሥራ ጋር በተያያዘ የሚነሡትን ዋና ዋና ጉዳዮች በአንድ ምሳሌ እናሳያለን። የእንግሊዝኛው ቃል በማንኛውም አንባቢ እንዲነበብ በግእዝ ፊደል እንጽፈዋለን፤ የሚልከው ሰው ወደ ላቲን ፊደል ይመልሰዋል።

ለማሳያ ያዘጋጀነው የአማርኛ መልእክት የሚከተለው ነው። ሟቹ በወናጎ ለብዙ ዘመን ያስተማሩ መምህር ናቸው፤ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው በዋሽንግተን አካባቢ አድገዋል። ስሙን «እገሌ» ብለን ትተነዋል።

«ለመምህር እገሌ ቤተሰቦች። የሥራ ባልደረባችንና ወንድማችን የነበሩት መምህር እገሌ ከዚህ ዓለም በሞት በመለየታቸው የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው። የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ ቢለዩንም መልካም ሥራቸው ከእኛ ጋር ይኖራል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ ዕቅፍ ያሳርፍልን። ለእናንተም መጽናናቱን ይስጣችሁ፤ ሌላ ሐዘን አያሰማችሁ። የአርባ ቀን መታሰቢያቸው ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ይደረጋል። የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ወናጎ።»

ይህ መልእክት በአማርኛ እንከን የለበትም። አማርኛ ለሚያነብ ለቅሶኛ እያንዳንዱ ሐረግ የሚጠበቅበትን ሥራ ይሠራል፤ ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል እንኳ ይታወቃል። በተለይ በወናጎ የብዙዎቹ ባልደረቦች አፍ መፍቻ ቋንቋ ጌዴኦኛ ስለሆነ፣ የአማርኛው መልእክት ራሱ አንድ ጊዜ ከልብ ቋንቋ ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ስለዚህም የታወቁትንና ሁሉም የሚቀበላቸውን ሐረጎች ይዞ ይጓዛል። ችግሩ የሚጀምረው እነዚህ ሐረጎች ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የሰዋስው ነው፤ ትንሽ ቢመስልም የመልእክቱን ልብ ይነካል። «የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን» የሚለው ግሥ በኃላፊ ጊዜ የተነገረ ነው። በአማርኛ «ተሰማኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ደከመኝ» ስንል ስሜቱ አልፏል ማለታችን አይደለም፤ መጥቶ አሁንም አብሮን አለ ማለታችን ነው። «ራበኝ» ያለ ሰው አሁን ምግብ ይፈልጋል። እንግሊዝኛ ግን በኃላፊ ጊዜ «ዊ ፌልት ዲፕ ሶሮው» ሲል የሚሰማው «ያን ጊዜ አዝነን ነበር፤ አሁን አልፎልናል» የሚል ነው። አባታቸው ከሞተ ገና ሳምንት ላልሞላቸው ልጆች እንዲህ ብሎ መጻፍ ሐዘኑን እንደ ትናንት ታሪክ ያደርገዋል። ትክክለኛው አተረጓጐም በአሁን ጊዜ «ዊ አር ዲፕሊ ሳደንድ» የሚለው ነው። «እንገልጻለን» የሚለውም ግሥ አብሮ ይወድቃል፤ በአማርኛ ለደብዳቤው ክብር የሚሰጠው ይህ ቃል በእንግሊዝኛ የጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ጠረን አለው።

ከዚሁ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ከዚህ ዓለም በሞት መለየት» የሚለው ደግሞ አለ። ብዙ ተርጓሚዎች «ከዚህ ዓለም» የሚለውን ላለመጣል ሲሉ «ዲፓርትድ ፍሮም ዚስ ዎርልድ» ይላሉ። ስሕተት አይደለም፤ ግን ለወጣት አሜሪካዊት የድሮ መጽሐፍ ይመስላታል። «ዘ ዴዝ ኦቭ ዩር ፋዘር» ማለት፣ ማለትም «የአባታችሁ ሞት» ብሎ በግልጥ መናገር፣ በእንግሊዝኛ ጭካኔ አይደለም። ለስለስ ያለ ነገር የሚሻ «ፓስድ አዌይ» ሊል ይችላል። «ዐረፉ» የሚለው የእኛ አነጋገርስ? እንግሊዝኛ ተናጋሪ ኦርቶዶክሳውያን ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 4 ስለ ሙታን የተጠቀመበትን አነጋገር ይዘው «ፌል አስሊፕ ኢን ዘ ሎርድ» ማለትም «በጌታ አንቀላፉ» ይላሉ። ልጆቹ በቤተ ክርስቲያን ያደጉ እንደ ሆነ ይህ መልካም ነው። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ለሆነ አማች ግን ግራ ያጋባል። እዚህ ላይ ልንጠነቀቅበት የሚገባ ሌላም ወጥመድ አለ። «ዕረፍታቸውን ሰምተን» የሚለውን ቃል በቃል የተረጐመ ሰው መምህሩ የዓመት ፈቃድ የወጡ ሊያስመስል ይችላል፤ «ዕረፍት» በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ትርጉሙ ይኸው ነውና።

«ወንድማችን» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የሥጋ ዝምድናን ያመለክታል። ልጆቹ «አባታችን የማናውቃቸው ወንድሞች ነበሩትን?» ብለው ለጊዜው ሊደናገሩ ይችላሉ። «ሂ ዎዝ ላይክ ኤ ብራዘር ቱ አስ» ብሎ «እንደ ወንድማችን ነበር» ማለት ግልጥ ያደርገዋል። የአክብሮቱ «ነበሩት»፣ «መለየታቸው» ግን መውጫ የለውም፤ እንግሊዝኛ አንቱታ የለውምና። በዚህ የተቸገሩ ተርጓሚዎች «ሂዝ ኤክሰለንሲ» ወይም «ኦነረብል» የመሳሰለ ማዕርግ ሲጨምሩ ይታያል። ይህ ለሚኒስትርና ለአምባሳደር የሚሰጥ ስለሆነ መምህሩን ከፍ አያደርገውም፤ አስቂኝ ያደርገዋል እንጂ። አክብሮቱ የሚሻገረው በሌላ መንገድ ነው። «መምህር» የሚለውን ማዕርግ እንዳለ ማስቀመጥ አንዱ ነው፤ ልጆቹ አባታቸው በሠፈሩ በዚህ ስም ሲጠሩ ሰምተው አድገዋልና። ሌላው በቀጥታ «ዩር ፋዘር» ማለት ነው። በአማርኛ «አባታችሁ» ብሎ መጻፍ ለመሥሪያ ቤት መልእክት የቀረበ ቢመስልም፣ በእንግሊዝኛ ከማዕርግ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ጸሎቶቹን ማለታችን ነው። እውነተኛው የአተረጓጐም ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ወግ ብቻ ሳይሆኑ ወደ እግዚአብሔር የሚቀርቡ ልመናዎች ናቸውና፣ ተርጓሚው ለጆሮ እንዲጥሙ ብሎ ልመናውን ሊለውጥ አይገባውም።

«ነፍስ ይማር» ከሚለው እንጀምር። በምሳሌያችን ውስጥ በዚህ ቃል ባይገባም በለቅሶ ቤት የማይቀር ነው። «ይማር» የምሕረት ቃል ነው። (በአጋጣሚ «ትምህርት ይቅሰም» የሚለውም በአማርኛ «ይማር» ተብሎ ይጻፋል፤ ቋንቋውን ከመዝገበ ቃላት ብቻ የሚያውቅ ሰው የመምህሩን ነፍስ ተማሪ ቤት ሊያስገባት ይችላል።) በቀጥታ ቢተረጐም «ሜይ ጎድ ፎርጊቭ ሂዝ ሶል» ይሆናል፤ «ነፍሱን ይቅር ይበል» ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ይቅርታ የሚለመንለት ሰው አንድ የታወቀ በደል የሠራ ሰው ነው፤ ልጆቹ «አባታችን ምን አድርጎ ነው?» ይላሉ። «ሃቭ መርሲ ኦን ሂዝ ሶል» የሚለው ከሥርዓተ ቅዳሴያችን አነጋገር ጋር የቀረበ ስለሆነ ለካህን ጆሮ ደስ ይላል። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ዳኛ በወንጀለኛ ላይ የሞት ፍርድ ሲፈርድ የሚያክለው ቃል ይኸው ስለነበር፣ ዛሬም በሰው አእምሮ ውስጥ የችሎት ጥላ አለበት። ስለዚህ «ሜይ ጎድ ሬስት ሂዝ ሶል» የሚለው ይመረጣል፤ «እግዚአብሔር ነፍሱን ያሳርፍ» ማለት ነው። ልመናው አልተለወጠም፤ ነፍስን ማሳረፍ ራሱ ምሕረት ነውና። «ሬስት ኢን ፒስ» የሚለውን ግን አንመርጥም። መነሻው የላቲን ጸሎት ቢሆንም፣ ዛሬ በሦስት ፊደል አሳጥሮ በየማኅበራዊ ገጹ የሚለጠፍ ስለሆነ ክብደቱ ቀልሏል፤ ከዚያም በላይ ቃሉ ለሟቹ የሚነገር እንጂ እግዚአብሔርን በስሙ የሚጠራ አይደለም።

«በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ ዕቅፍ» የሚለው ደግሞ የራሱ ችግር አለው። የአልዓዛርና የባለጠጋው ታሪክ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ሲነገር፣ በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ ትርጉም «ኤብራሃምስ ቡዘም» ይላል። ቃሉ ዛሬ በዕለት ንግግር ለሴት ጡት ስለሚውል፣ ይህን ትርጉም ያላነበበች ወጣት ደንገጥ ልትል ትችላለች። አዳዲሶቹ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች አንዳንዶቹ «ከአብርሃም ጐን» በሚል ለውጠውታል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ደግሞ ሦስቱ አበው በአንድነት በመንግሥተ ሰማያት ማዕድ ይጠቀሳሉ። ይህን ይዘን «ሜይ ጎድ ሪሲቭ ሂዝ ሶል ዊዝ ኤብራሃም፣ አይዛክ ኤንድ ጄኮብ» ብንል፣ «ነፍሱን ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ ጋር ይቀበል» ማለታችን ነው። አበው በስማቸው ተጠርተዋል፤ ዕቅፉም በመቀበል ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ አንድ የሚቀር ነገር እንዳለ መሰወር አይገባም። «ያሳርፍልን» በሚለው ግሥ መጨረሻ ያለችው «ልን» በእንግሊዝኛ ወንበር የላትም። ትርጉሟ «ለእኛ ብሎ፣ የእኛ ነውና» የሚል ነው፤ ጸሐፊዎቹ ሟቹን የራሳቸው የሚያደርጉት በእርሷ ነው። በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ልናስገባት ብንሞክር «ፎር አስ» የሚለው ትርጉም አልባ ይሆናል። የተሻለው እርሷን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው፤ ለምሳሌ መልእክቱ ሲያልቅ «በመታሰቢያው ዕለት እኛም በቤተ ክርስቲያን እንገኛለን» በሚለው ውስጥ ያቺ «ልን» ታርፋለች።

«መጽናናቱን ይስጣችሁ» እና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚሉት ከሁሉ ይልቅ በስሕተት የሚተረጐሙ ናቸው። «ጽናት» ብርታት ስለሆነ ብዙዎች «ቢ ስትሮንግ» ይሉታል፤ «በርቱ» ማለት ነው። በአማርኛው የሚያጸናው እግዚአብሔር ነው፤ ለቅሶኛው ተቀባይ ነው። በእንግሊዝኛው ግን ትእዛዙ በለቅሶኛው ላይ ይወድቃል፤ «አታልቅሱ፣ ራሳችሁን ግዙ» ተብሎም ይሰማል። ብርታት አልመጣ ላለው ሰው ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው። «ሜይ ጎድ ኮምፈርት ዩ» የሚለው ትክክለኛው ነው። ደስ የሚለውም «ኮምፈርት» የሚለው ቃል ራሱ ከላቲን «ፎርቲስ»፣ ከ«ብርቱ» የወጣ መሆኑ ነው፤ ሥሩ «ማጽናት» ነው። ዛሬ ግን ጆሮ ላይ የሚቀረው መጽናናቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከግእዙም ከእንግሊዝኛውም ሳይለይ ሁለቱን ይይዝልናል። «አይዟችሁ» የሚለው ግን ቢጣል ይሻላል። «ቼር አፕ» ተብሎ የተተረጐመበት ጊዜ አለ፤ እርሱ በፈተና ለወደቀ ተማሪ የሚባል እንጂ አባቱን ለቀበረ ሰው የሚባል አይደለም።

«ሌላ ሐዘን አያሰማችሁ» የሚለው ምርቃት ነው፤ ለአማርኛ ሰሚ ከክፉ መጠበቂያ ሆኖ ይሰማዋል። በእንግሊዝኛ ሲገባ ግን «ሌላ ሞት ሊከተል ይችላል» የሚል ሟርት ይመስላል። አሳቡን በአዎንታ መልሶ «ሜይ ሂ ኪፕ ዩ ኤንድ ዩር ፋሚሊ» ማለት፣ ማለትም «እናንተንና ቤተሰባችሁን ይጠብቅ» ማለት ይበቃል።

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ» የሚለውን እስከ አሁን ያቆየነው ሆን ብለን ነው። ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። በአማርኛ ይህ ሐረግ የማብራሪያ ሥራ የለውም፤ መምህሩ ለምን እንደ ሞቱ የሚነግር ሳይሆን፣ በጌታ እጅ መሆናቸውን የሚመሰክር ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ኢት ዎዝ ጎድስ ዊል» ሲባል ከለቅሶኛው ጋር የሚከራከር ይመስላል፤ «እግዚአብሔር ፈልጎት ነውና ማዘናችሁ ልክ አይደለም» ተብሎ ይሰማል። በድንገተኛ ሕመም አባቱን ያጣ ልጅ ይህን ሲያነብ፣ በእግዚአብሔር ላይ የሚያስቆጣውን ነገር የአባቱ ወዳጆች ያቀበሉት ያህል ነው። ጌታችን ራሱ በአልዓዛር መቃብር ፊት ማልቀሱን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 የምናነብ እንደ መሆናችን፣ ይህ የእኛም ትምህርት አይደለም። ሆኖም ተርጓሚው በራሱ ሥልጣን ከመልእክቱ ላይ ሊቆርጠው አይገባም ብለን እናምናለን። ሄዶ ጸሐፊዎቹን ይጠይቅ፤ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚሰማ ይንገራቸው። ብዙ ጊዜ «እንዲያማ ከሆነ ተወው» ይላሉ። እንዲቀመጥ ከፈለጉ «ዊ ኢንትረስት ሂም ቱ ጎድ» ማለት ይቻላል፤ «ለእግዚአብሔር አደራ እንሰጠዋለን» ማለት ነው። አሳቡ ያው መታመን ነው፤ ምክንያት መስጠቱ ግን የለም።

ተርጓሚው ጸሐፊዎቹን ለመጠየቅ ከተመለሰ፣ ሌላም የሚጠይቃቸው ነገር አለ። «መልካም ሥራቸው ከእኛ ጋር ይኖራል» ብለዋል፤ የትኛው መልካም ሥራ? በአማርኛ ይህን መዘርዘር አያስፈልግም፤ መልእክቱን የሚሰሙት ሁሉ ያውቋቸዋል። በእንግሊዝኛ የሚጻፍ የሐዘን ደብዳቤ ግን አንድ የተለየ ትዝታ ከሌለበት ከሱቅ የተገዛ ካርድ ይመስላል። ልጆቹም በሩቅ ስላደጉ አባታቸው በሥራ ቦታ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበሩ አያውቁም፤ ደብዳቤውን ለዓመታት እንዲያስቀምጡት የሚያደርጋቸው ይህችው አንዲት መስመር ናት። ተርጓሚው ሊፈጥራት አይችልም፤ መጠየቅ አለበት። በምሳሌያችን ባልደረቦቹ የሚከተለውን ተናገሩ እንበል፦ በቡና ለቀማ ወራት ልጆች ከክፍል ሲቀሩ መምህሩ በእግራቸው እየሄዱ ከየቤታቸው ይመልሷቸው ነበር። ለወናጎ ሰው ይህ ማብራሪያ አይሻም፤ ቡና ሲደርስ ቤተሰብ ሁሉ እጁን እንደሚያስገባ ያውቃል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን «ዌን ዘ ኮፊ ሃርቨስት ኬፕት ቺልድረን አዌይ ፍሮም ክላስ፣ ሂ ዎክድ ቱ ዜር ሆምስ ኤንድ ብሮውት ዜም ባክ» ተብሎ ምክንያቱ አብሮ ይገባል።

የመጨረሻው ጉዳይ ቀኑ ነው፤ ይህም የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። «ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.» ተብሎ ቁጥሩ ብቻ ቢሻገር፣ በአሜሪካ ያለች ልጅ «2017» የሚለውን ስታይ ከሰባት ዓመት በፊት ያለፈ ዘመን ነው የምታነበው። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በእነርሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነበር። ከዚያ በመቁጠር ኅዳር 1 ቀን ኖቬምበር 10 ላይ ይውላል፤ ኅዳር 17 ደግሞ ኖቬምበር 26 ቀን 2024፣ ማክሰኞ ይሆናል። መምህሩ ያረፉት ጥቅምት 8 ቀን ከሆነ፣ ያቺን ዕለት አንድ ብሎ የሚቆጥር ሰው ጥቅምት 30 ላይ ሃያ ሦስት ይደርሳል፤ የቀሩት ዐሥራ ሰባቱ ቀናት ኅዳር 17 ላይ ያበቃሉ። ቆጠራው ከየት እንደሚጀመር የአጥቢያውን ካህናት መጠየቅ ነው፤ ተርጓሚው የራሱን ስሌት አይጻፍ። የቀኑንም ስም መጨመር መልካም ነው፤ ቁጥሩ ቢሳሳት ቀኑ ያጋልጠዋል።

ሰዓት ከተጻፈም ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በእነርሱ አቈጣጠር 9 ሰዓት ሲሆን፣ በኅዳር ወር ዋሽንግተን ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ያን ጊዜ እዚያ ሌሊቱ ገና መጀመሩ ነው። በስልክ ጸሎቱን ሊከታተሉ የሚሹ ልጆች ይህን አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። «የአርባ ቀን መታሰቢያ» የሚለውም በአጭሩ ይብራራ፤ ልጆቹ «ተዝካር» የሚለውን ቃል ያውቁ ይሆናል፤ አማቾች ግን አያውቁም። «ዘ ፎርቲየዝ ዴይ፣ ዌን አወር ቸርች ፕሬይስ ፎር ሂም» ቢባል በቂ ነው።

እንግዲህ የተተረጐመው መልእክት ሲሰበሰብ ይህን ይመስላል። «ዲር» ብሎ የሁለቱን ልጆች የራሳቸውን ስም ይጠራል፤ ጸሐፊዎቹ የአባታቸው እኩዮች ስለሆኑ ማዕርግ አያስፈልግም። ቀጥሎ፦ «ዊ አር ዲፕሊ ሳደንድ ባይ ዘ ዴዝ ኦቭ ዩር ፋዘር፣ መምህር እገሌ። ሂ ዎዝ አወር ኮሊግ፣ ኤንድ ሂ ዎዝ ላይክ ኤ ብራዘር ቱ አስ። ዌን ዘ ኮፊ ሃርቨስት ኬፕት ቺልድረን አዌይ ፍሮም ክላስ፣ ሂ ዎክድ ቱ ዜር ሆምስ ኤንድ ብሮውት ዜም ባክ። ዊ ሼር ኢን ዩር ግሪፍ። ሜይ ጎድ ሪሲቭ ሂዝ ሶል ዊዝ ኤብራሃም፣ አይዛክ ኤንድ ጄኮብ። ሜይ ሂ ኮምፈርት ዩ፣ ኤንድ ኪፕ ዩ ኤንድ ዩር ፋሚሊ። ኦን ቱዝዴይ፣ ኖቬምበር 26፣ 2024፣ ዘ ፎርቲየዝ ዴይ፣ ዌን አወር ቸርች ፕሬይስ ፎር ሂም፣ ዊ ዊል ቢ ዜር።» ፊርማውም «ሂዝ ኮሊግስ ኢን ወናጎ» ነው።

በዚህ ውስጥ «ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው» የሚለው «ዊ ሼር ኢን ዩር ግሪፍ» ሆኗል፤ «በሐዘናችሁ እንካፈላለን» ማለት ነው። «ዩር ግሪፍ ኢዝ አወር ግሪፍ» ብሎ ቃል በቃል መጻፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አባቱን ያጣ ሰው «የእናንተስ ከእኔ ጋር እኩል አይደለም» ሊል ይችላል። «ባልደረባ» የሚለው ደግሞ «ኮሊግ» እንጂ «ኮወርከር» አልሆነም፤ ሁለተኛው በሥራ ቦታ አጠገብ ለአጠገብ የሚውልን ሰው ሁሉ ሲመለከት፣ የመጀመሪያው ለመምህራንና ለሐኪሞች የተለመደው ነው።

«ፕሊዝ አክሴፕት አወር ሃርትፌልት ኮንዶለንስ» የሚለው በአገራችን እንግሊዝኛ እጅግ የተለመደ ቢሆንም ያልተጠቀምንበት ስለምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ይኖራል። በመሥሪያ ቤት ማኅተም ለሚወጣ ደብዳቤ ይሆናል። አብረው ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ለልጆቹ ሲጽፉ ግን ይርቃል። «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ስለሚለውም ሁለት ቃል እንበል። «ሶሪ» በእንግሊዝኛ ይቅርታም ሐዘንም ስለሆነ «አጠፋሁ» ማለት አይደለም፤ «ሎስ» ም የነጋዴ ኪሳራ አይደለም። ሐረጉ ንጹሕ ነው፤ ለቅሶ ሲደርሱ በአፍ ሊሉት ይቻላል። በጽሑፍ ብቻውን ሲቆም ግን ባዶ ይመስላል።

እስካሁን የተናገርነው የቤተሰቡ እምነት ለታወቀበት ነው። ሁልጊዜ ግን አይታወቅም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲከሰከስ የሞቱት 157 ሰዎች ከሠላሳ በላይ አገሮች የመጡ ነበሩ። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ባልደረቦች ሃይማኖታቸውን ለማያውቋቸው ቤተሰቦች መጻፍ ነበረባቸው። እንዲህ ያለው ሲገጥም የአብርሃምና የይስሐቅን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ እንዲሁም እምነታችንን መደበቅ አያስፈልግም። መንገዱ ጸሎቱን ከእነርሱ ወደ እኛ ማዞር ነው፤ «ሜይ ጎድ...» ብሎ በእነርሱ ላይ ጸሎት ከማወጅ ይልቅ «ዊ አር ፕሬይንግ ፎር ዩ» ማለት፣ «እኛ እንጸልይላችኋለን» ማለት ነው። ይህ ስለ ጸሐፊዎቹ ብቻ የሚናገር እውነት ነው፤ የማያምንም ሰው በቸርነት ይቀበለዋል። «አወር ሶውትስ አር ዊዝ ዩ» የሚለው ደግሞ ጸሎትን ላለመጥራት የተመረጠ ቃል ስለሆነ፣ የሚጸልዩ ሰዎች ሊጽፉት አያስፈልግም።

ከመላኩ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። የተተረጐመውን እንግሊዝኛ ዋናውን አማርኛ ካላየ ሰው ዘንድ ወስዶ ወደ አማርኛ በቃል ማስመለስ ነው። ጸሐፊዎቹ ያን የተመለሰ አማርኛ ሲሰሙ ራሳቸውን ካወቁበት መልእክቱ ተሻግሯል። ደግሞም ዋናውን አማርኛ ከእንግሊዝኛው በታች አብሮ መላክ ይገባል፤ ልጆቹ ባያነቡትም እዚያ ያለ አንድ ዘመድ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፤ ያቺ በእንግሊዝኛ ቦታ ያጣች «ያሳርፍልን» ም በጆሯቸው ትገባለች።